ቁስል ከተሰፋ በኋላ የሚሰጥ ወረቀት፦ የትኛው አጻጻፍ ታካሚውን በሰዓቱ ይመልሰዋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጥቅምት 9 ሐሙስ ዕለት፣ አንድ የቀን ሠራተኛ የግራ እግሩን ቅልጥም ቆርቆሮ ቆርጦት ወደምሠራበት ክፍል መጣ። ቁስሉ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። አደንዝዘን፣ በደንብ አጥበን፣ በ6 ስፌት ዘጋነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ወሰደ። ሲወጣ አንድ ወረቀት ሰጠሁት። ወረቀቱ «ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካለዎት ወደ ጤና ተቋም ይምጡ» ይላል።

እሁድ ማታ ቁስሉ ይጠዘጥዘው ጀመር። ሰኞ ባሰበት። ሰውዬው ማንበብ ይችላል፣ ወረቀቱንም አውጥቶ አንብቧል። መቅላቱን ፈለገ፣ አላየም፤ ቆዳው ጠቆር ያለ ነው። እብጠቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስለነበረ አዲስ ነገር አልመሰለውም። መግል የለም። ትኩሳትም አልተሰማው፤ ለሕመሙ ፓራሲታሞል እየወሰደ ነበርና ቢኖርም ይሸፈናል። ስለዚህ ጠበቀ። ረቡዕ መግሉ በስፌቱ መሃል መውጣት ሲጀምር መጣ። ሁለት ስፌት ፈትተን መግሉን አስወጣን፣ አጠብነው፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጀመረ። ክፍት የተተወው ቦታ ከሥር እስኪሞላ ሳምንታት ፈጀ። እሱ ደግሞ ካልሠራ የማይከፈለው ሰው ነው።

ወረቀቱ ላይ ስህተት አልነበረም። ግን ሰኞ ጠዋት ሊያመጣው ሲገባ አላመጣውም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ረቂቅ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ወረቀት ያንን ሰው ሰኞ ጠዋት ያመጣው ነበር ወይ? ለክፍላችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ልታዘጋጁ ከሆነ ከፊታችሁ ያሉት አማራጮች አራት ናቸው፤ በዚሁ ጥያቄ እንያቸው።

የምልክቶች ዝርዝር

በብዛት የምናየው ይሄ ነው። አጭር ነው፣ ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ በሩብ ገጽም ያልቃል። ችግሩ፣ ዝርዝሩ ላይ ካሉት ምልክቶች አብዛኞቹ ጤናማ ቁስል ላይም መታየታቸው ነው። ማንኛውም የተሰፋ ቁስል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ትንሽ ያብጣል፣ ጠርዙ በቀጭኑ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያማል። ሰውነት ራሱን ሲጠግን የሚያደርገው ነው። ስለዚህ ወረቀቱን በትጋት ያነበበ ሰው በማግስቱ ደንግጦ ይመጣል፤ «ይሄ የተለመደ ነው፣ ሂድ» ተብሎ ይመለሳል፤ በአራተኛው ቀን የእውነት ሲያመረቅዝ ግን «ያን ቀንም ይሄው ነበር» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል።

ዝርዝሩ የሚበቃው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይመስለኛል። ታካሚው ተኝቶ የሚታከም ከሆነ ወይም በየቀኑ ፋሻ ለማስቀየር የሚመጣ ከሆነ ቁስሉን የሚያየው ነርስ ስለሆነ ወረቀቱ ማስታወሻ ነው። ወደ ቤቱ ለሚሄድ ሰው ግን አይበቃም። ያ ቆርቆሮ የቆረጠው ሰው የያዘውም ይሄንኑ ነበር።

ሦስት ቀለም ያለው ሠንጠረዥ

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ከዝርዝሩ በብዙ ይሻላል፤ ምክንያቱም የተለመደውን፣ ነገ መታየት ያለበትንና አሁኑኑ መታየት ያለበትን ይለያል። ከውጭ አገር ሆስፒታሎች የሚመጡ ወረቀቶችም እንዲህ የተሠሩ አሉ፤ ሲታዩ ያምራሉ።

እኛ ጋ ሲደርሱ ግን ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ይሞታሉ። ዋናው ቅጂ ባለቀለም ነው፤ ታካሚው እጅ የሚገባው የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው፤ እዚያ ላይ ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው። እንዲያውም ቀዩ ሣጥን ጠቁሮ ጽሑፉ የማይነበብበት ጊዜ አለ፤ ማለትም ከሁሉ በላይ መነበብ ያለበት ቦታ ማለት ነው። ይሄን መንገድ ከመረጣችሁ ቀለሙን እርሱትና በእያንዳንዱ ሣጥን አናት ላይ በትልቁ ጻፉ፦ «ደህና ነው»፣ «ነገ ጠዋት ይምጡ»፣ «አሁኑኑ ይምጡ»። ከዚያ ጥቁርና ነጭ ቅጂ አውጥታችሁ ከመስኮት ራቅ ያለ ቦታ ላይ አንብቡት።

ሌላው ጉድለቱ ጊዜ የለውም። እብጠትን አረንጓዴ ውስጥ ነው የምታስገቡት ወይስ ቢጫ? በሁለተኛው ቀን አረንጓዴ ነው፣ በአምስተኛው ቀን እየጨመረ ከሆነ ቢጫ ነው። የእኛ ሰው እሁድ ማታ አረንጓዴ ውስጥ ነኝ ብሎ ይተኛ ነበር።

ሥዕል

ማንበብ የማይችሉ ብዙ ታካሚዎች ባሉበት ቦታ መጀመሪያ የሚታሰበው ይሄ ነው፤ እኔም አስቤዋለሁ። ሥዕል አንዳንድ ነገር ላይ ግሩም ነው። «እግርዎን ወንዝ ውስጥ አይንከሩ»፣ «ክሩን አይጎትቱ»፣ «እግርዎን ከፍ አድርገው ያሳርፉ» የሚሉትን በአንድ እይታ ይናገራል። ግን ዋናው ምልክታችን እየባሰ የሚሄድ ሕመም ነው፤ እሱን እንዴት ትስሉታላችሁ? ፊቱን ያኮማተረ ሰው ሕመም እንዳለው ይናገራል እንጂ ከትናንት መባሱን አይናገርም። ከሰውነት ተለይቶ ለብቻው የተሳለ እግር ያሳየኋቸው አንዲት እናት ደግሞ «እግሩ ይቆረጣል ማለት ነው?» ብለው በድንጋጤ ጠይቀውኛል። ሙሉ ሰው ሳሉ፤ ቁስሉን እሱ ላይ አሳዩ።

እንደኔ ሥዕል ብቻውን አይሁን፣ ከጽሑፍ ጋር ይሁን። ባለቤቱ ማንበብ ባይችል እንኳ ልጁ፣ ጎረቤቱ ወይም የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያነቡለታል።

ቀን በቀን የሚናገር ወረቀት

የመረጥኩት ይሄን ነው። ምክንያቱን ላስረዳ፤ ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው።

ማመርቀዝ የሚታወቀው ሕመም በመኖሩ ወይም ባለመኖሩ አይደለም፤ ወዴት እንደሚሄድ በማየት ነው። ጤናማ ቁስል በመጀመሪያው ቀንና በሁለተኛው ቀን ያማል፣ ከዚያ እየቀለለ ይሄዳል። ጀርም ከገባበት ግን፣ ለመራባት ጊዜ ስለሚያስፈልገው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው ቀን ገደማ በኋላ እየቀነሰ የነበረው ሕመም ይመለስና መጨመር ይጀምራል። መግል የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ መግል እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው አርፍዷል። ቀኑን የያዘ ወረቀት «ከእሁድ ጀምሮ ሕመሙ ከትናንቱ ከባሰ ይምጡ» ማለት ይችላል። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ያን ሰው ሰኞ ጠዋት ታመጣው ነበር።

ዋጋ አለው፤ ለእያንዳንዱ ታካሚ ቀኖቹን በእጅ መሙላት አለባችሁ። ወረፋው በር ላይ ቆሞ ሁለት ደቂቃ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ቀኖቹን ከመሙላት ይልቅ «በ12ኛው ቀን ይምጡ» ብሎ ማተም ችግር አለው፤ አንዱ የተሰፋበትን ቀን እንደ አንድ ይቆጥራል፣ ሌላው ከማግስቱ ይጀምራል፣ ሠራተኞቹም ራሳቸው አይስማሙም። «ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21» ብላችሁ ስትጽፉ ግን የሚያከራክር የለም። የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ለሆኑ አረጋውያን «የማርያም ዕለት» ብላችሁ ብትነግሯቸው ደግሞ ቀኑ ከአእምሯቸው አይጠፋም።

ውጭ አገር ለሚኖሩ የእኛ ሰዎች የምትተረጉሙ ካላችሁ ሰዓቱን ተጠንቀቁ። «በ8 ሰዓት» የሚል ወረቀት አንዱን በጠዋት፣ ሌላውን ከምሳ በኋላ ያስመጣዋል። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር 8:00» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ።

ቃላቱን መምረጥ

አቀማመጡን ከመረጣችሁ በኋላ ቃሉ ይቀራል። «ኢንፌክሽን» የሚለውን ብዙ ከተሜ ያውቀዋል፤ ግን «ካመረቀዘ» የማይገባው ሰው አላጋጠመኝም። እኔ «ካመረቀዘ» እጽፍና «ኢንፌክሽን»ን አንድ ጊዜ አስከትላለሁ።

«ፈሳሽ ካለው» አትበሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከስፌቱ የሚወጣ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ወይም ትንሽ ደም የነካው እዥ የተለመደ ነው። የሚያስፈራው ወፈር ያለ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ የሚመስል ወይም የሚሸት መግል ነው። እዥና መግል ብላችሁ ለዩለት፤ ቃሉ በቋንቋችን ስላለ ሰው ወዲያው ይረዳዋል።

መቅላቱ ደግሞ ለብቻው መነሳት አለበት። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላት ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ከአካባቢው ይበልጥ የጠቆረ፣ ወደ ሐምራዊ ወይም ግራጫ ያደላ ይመስላል፤ ወይም ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ ዓይን ሳይሆን እጅ የሚያውቀውን ምልክት ጻፉ፦ በእጅዎ ጀርባ ቁስሉን ዙሪያ ይንኩ፤ ከዚያ ሌላኛውን እግርዎን እዚያው ቦታ ላይ ይንኩ። የቆሰለው በግልጽ የሚተኩስ፣ የጠጠረ፣ ቆዳው ተወጥሮ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ምልክት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ትንሽ ሙቀት ይኖራል፤ ከዚያ በኋላ መቀነስ አለበት። እብጠቱ የደረሰበትን ጠርዝ በእስክሪብቶ ማስመርም ይጠቅማል። በማግስቱ መስመሩን ካለፈ ጥያቄ የለውም፣ ይምጣ።

ትኩሳትን «ከ38 ዲግሪ በላይ» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። ስንት ቤት ነው ቴርሞሜትር ያለው? «ሰውነትዎ ከተኮሰ ወይም ብርድ ብርድ ብሎዎት ከተንቀጠቀጡ» የሚለው ይቅደም፣ ቁጥሩ ላለው ሰው ይከተል። የሕመም ማስታገሻ ትኩሳትን እንደሚደብቅም በአንድ መስመር ንገሩት።

ስለ እንክብካቤው ደግሞ «ቁስሉን በንጽህና ይያዙ» የሚለው አባባል ጉዳት አለው፤ ሰው ለማጽዳት ብሎ አልኮል ያፈስበታል። ቤት ውስጥ የሚደረገውን ነገር በስሙ ጥሩት፦ ቡና፣ ቅቤ፣ እበት፣ ቅጠል፣ ተከፍቶ የሚነሰነስ የካፕሱል ዱቄት። በተለይ የካፕሱሉ ዱቄት ብዙ ሰው ዘመናዊ ሕክምና ስለሚመስለው «ባዕድ ነገር አይቀቡ» ስትሉት እሱን አያስብም። ሲነግሩትም አይቆጡት። ቡና የሚያደርግበት ሰው ደሙን ያቆምኩ መስሎት ነው።

አድራሻ ስለመስጠት አንድ ነገር። «አሁኑኑ ይምጡ» ካላችሁ ሌሊት የት እንደሚሄድ ንገሩት። የእናንተ በር ማታ የሚዘጋ ከሆነ ቅርብ ያለውን 24 ሰዓት የሚሠራ ድንገተኛ ክፍል ስሙን ጻፉለት። እንዲሁም ሰው የሚቀረው እንደገና ካርድ እከፍላለሁ ብሎ ፈርቶ ሊሆን ይችላል። በእናንተ ቤት ለዚያው ቁስል ሲመለስ ይከፍላል አይከፍልም? ካርድ ክፍልን ጠይቁና መልሱን ወረቀቱ ላይ አስፍሩት።

ለዚያ ሰው ብጽፈው ኖሮ

በእርስዎ ነው የምጽፈው። አክብሮት ብቻ አይደለም፤ «አድርግ»ና «አድርጊ» እያልን ሁለት ወረቀት ከማተም ያድነናል። ፊደሉ ተለቅ ይበል፣ ገጹ ከአንድ አይለፍ። ቀኖቹና ስሞቹ ክፍት ቦታ ላይ በእጅ የሚሞሉ ናቸው።

«ሐሙስ ጥቅምት 9 የግራ ቅልጥምዎ በ6 ስፌት ተሰፍቷል። ስፌቱ የሚወጣው ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21 ነው። በራስዎ አያውጡት።

እስከ ቅዳሜ ማታ፦ ውሃ አያስነኩት። ፋሻው ከረጠሰ ወይም ከቆሸሸ ለማስቀየር ይምጡ። ሲቀመጡ እግርዎን ከፍ አድርገው ያሳርፉ። ትንሽ ማበጡ፣ ማመሙና ቀጭን እዥ መውጣቱ የተለመደ ነው። ደም ከፈሰሰ በንጹህ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ሳይለቁ ይጫኑት።

ከእሁድ ጥቅምት 12 ጀምሮ፦ እጅዎን ታጥበው፣ ቁስሉን በንጹህ ውሃና በሳሙና ቀስ ብለው ያጥቡት፣ ሳይፈትጉ ያድርቁት። አይንከሩት። ቡና፣ ቅቤ፣ ቅጠል፣ አልኮል ወይም የካፕሱል ዱቄት አያድርጉበት። ሕመሙ በየቀኑ መቀነስ አለበት። በኋላ ቢያሳክክዎት እየዳነ ነው፤ አይከኩት።

በሚቀጥለው ጠዋት ይምጡ፦ ከእሁድ ጀምሮ ሕመሙ ከትናንቱ ከባሰ ወይም ከጠዘጠዘዎት፤ በእጅዎ ጀርባ ሲነኩት ከሌላው እግር በግልጽ ከተኮሰ ወይም ከጠጠረ፤ እብጠቱ ካስመሩት መስመር ካለፈ፤ ወፍራም መግል ወይም ሽታ ካለው፤ ስፌቱ ከተፈታ። መግል እስኪያዩ አይጠብቁ።

ሌሊትም ቢሆን አሁኑኑ ይምጡ፦ ሰውነትዎ ከተኮሰ (38 ዲግሪና ከዚያ በላይ) ወይም ከተንቀጠቀጡ፤ ከቁስሉ ወደ ላይ የሚሄድ መስመር ካዩ ወይም ብሽሽትዎ ላይ ንፍፊት ከወጣ፤ እብጠቱ በሰዓታት ውስጥ ከሰፋ፤ ሕመሙ ከማይቻል በላይ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ቀንም ቢሆን፤ እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ፤ ደሙ 15 ደቂቃ ተጭነውት ካልቆመ፤ መንጋጋዎ አልከፈት ካለ። የሕመም ማስታገሻ ከወሰዱ ትኩሳቱ ሊደበቅ ይችላል።»

የመጨረሻው ክፍል ውስጥ ያለው «በመጀመሪያው ቀንም ቢሆን» የሚለው ሆን ተብሎ የገባ ነው። ከሦስተኛው ቀን በፊት አይመጣም ያልነው ለተለመደው ማመርቀዝ ነው። ብርቅ ግን ገዳይ የሆነ፣ በአንድ ቀን ውስጥ በሥጋ ሥር የሚሮጥ ዓይነት አለ፤ መታወቂያው ቁስሉ ከሚታየው ጋር የማይመጣጠን ከባድ ሕመም ነው። ቀን በቀን የሚለው ወረቀት «ገና ነው» ብሎ እንዳያስቀምጠው ይሄን ጻፉለት።

የማይሆንበት ቦታ

ይሄው ወረቀት ለሁሉም ቁስል አይሆንም። ቀኖቹ እንደ ቦታው ይለያያሉ፦ ፊት ላይ ስፌት ከ3 እስከ 5 ቀን ይወጣል፣ ጭንቅላትና ክንድ ላይ ከ7 እስከ 10፣ እግርና መገጣጠሚያ ላይ ከ10 እስከ 14። ስለዚህ የስፌት ማውጫ ቀኑን አትሙት፣ ክፍት ተዉት። በሚሟሙ ክሮች የተሰፋ ከሆነ ያን መስመር ሰርዙና «የሚወጣ ክር የለም» በሉ፤ አለበለዚያ ሰው በከንቱ ይመላለሳል። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ በወረቀቱ አትመኑ። እግሩ ስሜቱ ከቀነሰ ሕመሙ መባሱን ላያውቀው ይችላል፤ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን መጥቶ እንዲታይ ቀጠሮ ስጡት። ውሻ የነከሰው ሰውም የራሱ ወረቀት ይኑረው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቀጠሮዎች እዚህ ውስጥ ከተጨናነቁ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ወረቀቱን ስትሰጡ «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ይላል። «ቤት ሲደርሱ ለባለቤትዎ መቼ እመለሳለሁ ይሏቸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ፋሻውን ከማሰራችሁ በፊት ደግሞ እጁን ይዛችሁ ሁለቱንም ቅልጥሙን በእጁ ጀርባ አስነኩት። የዛሬውን ሙቀት እጁ ካወቀ ከእሁድ በኋላ የሚያነጻጽርበት አለው።